በባንክ ደብተር ላይ የማይታየው ቅናሽ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
አዲስ አበባ
ግልባጭ፦ በብር ብቻ ለሚቆጥቡ ዜጎች

ጉዳዩ፦ በብር ብቻ የተያዘ ቁጠባ የመግዛት አቅሙን ስለሚያጣበት መንገድና ስለ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንኩ ሁለት ውሳኔዎችን በአንድ ጊዜ ማሳለፉ ይታወሳል። አንደኛው ብር ከዶላር አንጻር ያለውን ዋጋ በ15 በመቶ ዝቅ ያደረገው ውሳኔ ሲሆን፣ በዚሁ ምክንያት 23 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር ወደ 26 ብር ከ90 ሳንቲም ከፍ ብሏል። ሁለተኛው፣ ብዙም ያልተወራለት ውሳኔ፣ ባንኮች ለተራ የቁጠባ ሒሳብ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ያሳደገው ነው። የመጀመሪያው ውሳኔ ከቆጣቢው የሚወስደውን ሁለተኛው በከፊል ይመልስለታል ተብሎ የታሰበ ይመስላል፤ ይህ ደብዳቤ የሚመረምረውም ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በርግጥ ምን እንደተወሰደና ምን እንደተመለሰ ነው።

ነገሩን ለመከተል ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን መለየት ያስፈልጋል። ባንክ በውሉ ላይ የሚጽፈው ወለድ ስመ ወለድ ይባላል፤ በሒሳቡ ላይ ስንት ብር እንደሚጨመር ይናገራል እንጂ የተጨመረው ብር ምን እንደሚገዛ አይናገርም። ከስመ ወለዱ ላይ በዚያው ዓመት የታየው የዋጋ ግሽበት ሲቀነስ የሚቀረው እውነተኛ ወለድ ነው፤ ቆጣቢው በዓመቱ መጨረሻ ከዓመቱ መጀመሪያ ይልቅ ብዙ ወይም ጥቂት ዕቃ መግዛት መቻሉን የሚያሳየውም ይኸው ቁጥር ነው። ግሽበቱ ከስመ ወለዱ ሲበልጥ እውነተኛው ወለድ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ በደብተሩ ላይ ያለው ገንዘብ እየጨመረ፣ የገንዘቡ አቅም ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ቅናሹን የሚመዘግብ ሰነድ ስለሌለ ባንኩም ተበደልክ አይል፣ ቆጣቢውም አቤት የሚልበት ቦታ የለውም።

የብርን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህ አደጋ ሁልጊዜ እንዳልነበረ ያስታውሳል። ከ1965 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲመነዘር ኖሯል፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ብር የማይነቃነቅ መለኪያ እንደሆነ አምኖ አድጓል። በ1985 ዓ.ም. ተመኑ በአንድ ጊዜ ወደ 5 ብር ተቀየረ፤ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ 17 በመቶ የሚጠጋ ሌላ ቅናሽ ተደረገ። በእነዚህ መካከል ብር በየዕለቱ በጥቂት ሳንቲም ሲንሸራተት ቆየ። የዋጋ ግሽበቱም በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ከ60 በመቶ በላይ፣ በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ 40 በመቶ የደረሰባቸው ወቅቶች ነበሩ። ይሁንና ገንዘብን በባንክ ማስቀመጥ ማለት ገንዘብን መጠበቅ ማለት ነው የሚለው እምነት ከዚያ ከቀድሞው ዘመን ተወርሶ እስካሁን በብዙ ቤት ውስጥ ይኖራል።

ለስሌት እንዲመች በጥቅምት 2010 ዓ.ም.፣ ልክ ከተመን ለውጡ በኋላ፣ 100,000 ብር በተራ የቁጠባ ሒሳብ ያስገባና ለ7 ዓመታት ያልነካ ቆጣቢ አለ ይባል። ወለዱ 7 በመቶ ነው፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ስለሚቀነስ በእጁ የሚገባው 6.65 በመቶ ይሆናል። ወለዱ በየዓመቱ ከዋናው ገንዘብ ጋር እየተደመረ ቢሄድ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በደብተሩ ላይ የሚነበበው 156,900 ብር ያህል ነው። ሒሳቡ ከተከፈተበት ቀን ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ጭማሪ ስለሆነ፣ ደብተሩን ብቻ ለሚያይ ሰው መልካም ውጤት ነው።

በነዚሁ 7 ዓመታት ግን የሸማቾች ዋጋ፣ ማለትም ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚለካው የምግብ፣ የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርትና የመሳሰሉት ዋጋ አማካይ፣ በግምት 4 እጥፍ ሆኗል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግሽበት ከ13 እስከ 20 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ነበር፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ዓመታዊው አማካይ ከ30 በመቶ በላይ ሄዷል። ስለዚህ 156,900 ብሩ በ4 ሲካፈል፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዋጋ 39,000 ብር አካባቢ የሚገዛውን ያህል ብቻ ይገዛል። ወለዱ በሙሉ ከተከፈለ፣ አንድም ሳንቲም ካልወጣ፣ ባንኩም ግዴታውን በአግባቡ ከተወጣ በኋላ፣ ከመቶው 60 ያህሉ የመግዛት አቅም የለም ማለት ነው። ገንዘቡን በፍራሽ ሥር ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ወለድም ስለሌለው ሩቡ ብቻ ይቀረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ተገቢ ነው። አማካይ ዋጋ የማንም ሰው የግል ዋጋ አይደለም። ለቤት የሚቆጥብ ሰው የሚወዳደረው ከሲሚንቶ፣ ከብረትና ከቦታ ዋጋ ጋር ነው፤ ለልጅ ትምህርት የሚቆጥበው ከትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ነው። በ20/80 እና በ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብሮች በየወሩ የቆጠቡ ተመዝጋቢዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ቁጠባቸው የተሰላው በምዝገባው ጊዜ በነበረው የቤት ዋጋ ሲሆን፣ ቤቱ ሲተላለፍ የተጠየቁት ግን በምዝገባው ጊዜ ከነበረው በላይ ነው።

አሁን ያንኑ 100,000 ብር በዶላር መለካት ጠቃሚ ይሆናል፤ ዶላር የበለጠ ክብር ስላለው ሳይሆን የግሽበትና የምንዛሪ ጉዳቶች እንዴት በተለያየ ጊዜ እንደሚታዩ ስለሚያጋልጥ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ገንዘቡ 3,717 ዶላር ያህል ነበር። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ሲደርስ፣ ከወለዱ ጋር 153,900 ብር ገደማ የሆነው ይኸው ቁጠባ በይፋዊው ተመን፣ ማለትም በ57 ብር፣ ሲመነዘር 2,700 ዶላር ይሆናል። በዚህ መለኪያ ቆጣቢው ያጣው 27 በመቶ ብቻ ነው። በዚያው ወር በሸቀጥ ዋጋ ሲለካ ግን ጉዳቱ 60 በመቶ አካባቢ ነበር። በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ያለው ልዩነት ከምን መጣ?

ልዩነቱ የመጣው ይፋዊው ተመን ዋጋ በሚሄድበት ፍጥነት እንዲሄድ ስላልተፈቀደለት ነው። በአንድ አገር ውስጥ ዋጋ በዓመት 30 በመቶ ሲያድግ፣ በንግድ ሸሪኮቿ አገሮች ደግሞ በጥቂት በመቶ ሲያድግ፣ የገንዘቧ ተመን ልዩነቱን ካልተከተለ ገንዘቧ ከአቅሙ በላይ ተተምኗል ይባላል፤ በወረቀት ላይ ያለው ዋጋ በሸቀጥ ላይ ካለው ይበልጣል ማለት ነው። ክፍተቱ ግን አይጠፋም፤ ወደ ጥቁር ገበያ ይሸሻል። በ2016 ዓ.ም. ባንኮች ዶላርን በ57 ብር ሲተምኑ ጥቁር ገበያው ከ110 ብር በላይ ይጠራ እንደነበር የሚያውቀው ነጋዴው ብቻ አልነበረም። በ57 ብር ዶላር ማግኘት የሚችለው ደግሞ ከረጅም ወረፋ በኋላ የተፈቀደለት አስመጪ ስለነበር፣ ያ 2,700 ዶላር ለተራው ቆጣቢ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ቁጥር ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንኩ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። በመጀመሪያው ቀን ዶላር ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 120 ብር አካባቢ ደረሰ። የምሳሌው ቆጣቢ 156,900 ብር በዚህ ተመን 1,300 ዶላር ያህል ነው፤ ከመነሻው 35 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በሦስት ወር ውስጥ የዶላሩ መለኪያ የሸቀጡን መለኪያ ደረሰበት። በዚያን ጊዜ በየአደባባዩ የተሰማው ክርክር ቁጠባው በሐምሌ 22 የተወሰደ ያህል አድርጎ ይናገር ነበር፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ታሪክ ይነግራል። ቁጠባው የተበላው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ስሙ በማይነሣበት በየወሩ ግሽበት ነው፤ የተመኑ ለውጥ የቆየውን ጉድለት በመዝገብ ላይ አሰፈረው። ከለውጡ በኋላ የታየውም ይህን ይደግፋል፤ ብር ከዶላር አንጻር ከነበረው ዋጋ ግማሹን ሲያጣ ዓመታዊው ግሽበት እጥፍ አልሆነም፤ እንዲያውም ከነበረበት 20 በመቶ አካባቢ በዝግታ እየወረደ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ 14 በመቶ አካባቢ ደርሷል። ከውጭ የሚገቡ የብዙ ሸቀጦች ዋጋ ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያው ተመን ሲሰላ ስለነበር የተመኑ ይፋ መሆን የጨመረባቸው ጥቂት ነው። ነዳጅን የመሳሰሉ፣ መንግሥት በይፋዊው ተመን ሲያስገባቸው የነበሩ ዕቃዎች ግን ጭማሪውን በኋላ ላይ መሸከማቸው አልቀረም።

በዚህ ሂደት ይበልጥ የተጎዳ አንድ ወገን አለ፤ ስለ እርሱ ብዙ አይነገርም። በሳዑዲ ዓረቢያ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ሴት ለቤተሰቧ ከምትልከው ውጪ 1,000 ሪያል በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወደ አገር ልካ በስሟ በብር እንዲቀመጥላት አድርጋለች ይባል። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 ተቆራኝቶ ከ1980ዎቹ የአውሮፓ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ያልተናወጠ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ በባንክ መንገድ ሲላክ 7,170 ብር ያህል ሆነ፤ በ7 ዓመት ወለዱ ተደምሮ 11,250 ብር ደረሰ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተመን አንድ ሪያል 32 ብር ስለሆነ፣ ሴትየዋ የላከችው 1,000 ሪያል ከነወለዱ 352 ሪያል ሆኖ ጠበቃት ማለት ነው። ገንዘቡ በሪያል ቢቀመጥና አንድም ወለድ ባያፈራ እንኳ 1,000 ሪያል ነበር። ይህች ሴት ከሕጋዊው መንገድ ሳትወጣ ሕጉን ያከበረች ናት፤ በጥቁር ገበያ የላከችው ጎረቤቷ ደግሞ በዚያው ቀን የተሻለ ብር አግኝታለች፤ ያም ብር በቁጠባ ሒሳብ ከተቀመጠ በኋላ ግን ዕጣው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የተሸረሸረው ገንዘብ ወዴት ሄደ የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። ቁጠባ በባንክ ውስጥ ብድር ሆኖ ይወጣል፤ እውነተኛው ወለድ ከዜሮ በታች በሆነ ጊዜ ተበዳሪው የተበደረውን ያህል አቅም ያለው ገንዘብ ሳይመልስ ዕዳውን ይዘጋል። በ7 ዓመቱ የታየው አማካይ ግሽበት በዓመት 22 በመቶ ገደማ ነው፤ በ13 በመቶ ወለድ ተበድሮ ሕንፃ የሠራ ሰው ዕዳው በየዓመቱ ከ7 በመቶ በላይ በእውነተኛ አቅሙ እየቀለለ፣ ሕንፃው ደግሞ በዋጋ እየከበደ ሄዶለታል። መንግሥትም ከትልልቆቹ ተበዳሪዎች አንዱ ነበር። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ሰነዱ በመጀመሪያ 3 በመቶ፣ በኋላ 5 በመቶ ወለድ ብቻ ይከፍል ነበር። ከሀብቱ ከፊሉን በ3 በመቶ እንዲያስቀምጥ የተገደደ ባንክ ለቆጣቢው ከግሽበት በላይ ሊከፍል አይችልም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶ የሚሆነውን በ9 በመቶ ወለድ የ5 ዓመት የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙ ተደርጓል። በዚህ መንገድ ግድቡም፣ መንገዱም፣ ሕንፃውም ተሠርቷል፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ፍትሐዊ ያልሆነው፣ ከወጪው ትልቁን ድርሻ የተሸከመው ማንም ሳያስታውቀው የተሸከመ ጥቃቅን ቆጣቢ መሆኑና ከዚያ ላይ ደግሞ ባጣበት ወለድ ግብር መክፈሉ ነው። 30 በመቶ ግሽበት ባለበት ዓመት ለ100,000 ብር የተከፈለ 7,000 ብር ወለድ ትርፍ አይደለም፤ የጉድለቱን ሩብ ያህል እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም 350 ብር ግብር ተቀንሶበታል።

ባለ ብዙ ገንዘቡ ይህን ያመልጣል። ባንኮች የጊዜ ገደብ ላለው ትልቅ ተቀማጭ ከዝቅተኛው ወለድ በላይ ተደራድረው ይከፍላሉ፤ 7 በመቶው የሚደርሰው ለመደራደር አቅም ለሌለው ነው። በዓላማው ወለል እንዲሆን የተደነገገው ቁጥር ለአብዛኛው ሕዝብ ጣሪያ ሆኖ ቀርቷል። ወለድ በሃይማኖታቸው የማይፈቀድላቸውና በዋዲያ ሒሳብ የሚያስቀምጡ ሙስሊም ዜጎች ደግሞ ጉዳቱን ያለ አንዳች ማካካሻ ነው የሚቀበሉት።

ሕዝቡ በራሱ መንገድ ይህን ቀድሞ ተረድቶታል፤ የእቁብ አሠራር ምስክር ነው። በወር 10,000 ብር የሚጣልበት የ12 ሰው እቁብ ለእያንዳንዱ ዕጣ 120,000 ብር ያወጣል። ዋጋ በወር 2 በመቶ ቢጨምር፣ በመጀመሪያው ወር የወሰደው ሰው ሙሉ አቅም ያለው 120,000 ብር ያገኛል፤ በአሥራ ሁለተኛው ወር የሚወስደው ሰው ግን በመጀመሪያው ወር ዋጋ 96,500 ብር ያህል ነው የሚደርሰው። ሁሉም በየወሩ የጣለው ገንዘብ በዚያው ዋጋ ሲሰላ ወደ 107,900 ብር ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ከ12,000 ብር በላይ አትርፎ፣ የመጨረሻው ከ11,000 ብር በላይ ከስሮ ይወጣል። ዕጣ የደረሰው ሰው ቶሎ ለሚያስፈልገው ባለ ዕጣ በገንዘብ የሚያስተላልፍበት ልማድ ከዚህ ስሌት ውጪ ሊገባ አይችልም። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ሳያሳድር ቆርቆሮ፣ ብረት ወይም ወርቅ የሚገዛውም በአባካኝነት አይደለም።

ይሁን እንጂ እነዚህ መሸሻዎች ነፃ አይደሉም። ወርቅ ሲገዛ የእጅ ዋጋ ይከፈልበታል፣ ሲሸጥ ይህ የእጅ ዋጋ አይመለስም። ቦታና ቤት ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የማይደረስባቸው ናቸው፤ ገንዘብ በአስቸኳይ ሲፈለግም በርካሽ ይሸጣሉ። የባንክ አክሲዮን የትርፍ ድርሻ ቢያስገኝም ገዢ መፈለግ ጊዜ ይወስዳል። ዶላርን በቤት መያዝ ደግሞ ከሕግ ጋር ከማጋጨቱም በላይ ራሱ ዶላሩ የማይቀንስ አይደለም፤ በነዚያው 7 ዓመታት በአሜሪካ ዋጋ ወደ 28 በመቶ ስለጨመረ፣ በመሳቢያ ውስጥ የተኛ ዶላር ከመግዛት አቅሙ አምስተኛውን ያህል አጥቷል። ከዚህ የሚከተለው፣ ችግሩ የአንድ ገንዘብ ብቻ ጠባይ ሳይሆን ወለድ ከግሽበት በታች ሆኖ ለዓመታት እንዲቆይ በተፈቀደበት ሁኔታ ሁሉ የሚደርስ መሆኑ ነው፤ በኢትዮጵያ የከፋው ርቀቱ ትልቅ በመሆኑና መውጫው ጠባብ በመሆኑ ነው።

ስለዚህ ለብሔራዊ ባንኩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ባንኩ በተመን ለውጡ ጊዜ የራሱን የፖሊሲ ወለድ በ15 በመቶ ወስኗል፤ ይህ ማለት ለባንኮች ገንዘብ ሲያበድርና ከባንኮች ገንዘብ ሲወስድ መነሻ የሚያደርገው ተመን ነው። የቆጣቢው ወለል ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በነበረበት ቆሞ ከፖሊሲው ወለድ 8 ነጥብ ዝቅ ብሎ መገኘቱ በምክንያት ሊደገፍ የሚችል አይመስልም። የሚሻለው ወለሉን በቁጥር ማሰር ትቶ ከፖሊሲው ወለድ ጋር በቋሚ ርቀት ማያያዝ ነው፤ ለምሳሌ ከ3 ወይም ከ4 ነጥብ በላይ እንዳይርቅ በማድረግ። በአንድ ቀን መደረጉ ግን አደጋ አለው፤ ብዙ ባንኮች በ9 በመቶ የሚከፍለውን የረጅም ጊዜ ቦንድ ገና ስለያዙ፣ የቁጠባ ወጪያቸው በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ ቢወጣ በኪሳራ ይወድቃሉ። በየስድስት ወሩ አንድ አንድ ነጥብ እየጨመሩ መሄድ ቦንዱ እስኪያልቅ ድረስ ጊዜ ይሰጣል።

ሁለተኛው የመረጃ ጉዳይ ነው፤ ገንዘብም ሕግም አይጠይቅም። ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የግሽበትን ቁጥር ያትማል፤ ባንኩ ከጎኑ የተራ ቁጠባ እውነተኛ ወለድ ግብር ከተቀነሰ በኋላ ስንት እንደሆነ በአንድ መስመር ቢጨምር፣ ባንኮችም የቁጠባ ማስታወቂያ ሲያወጡ ያንን ቁጥር አብረው እንዲጽፉ ቢያዝ፣ ባለፉት ዓመታት በማይታይ ሁኔታ የደረሰው ነገር ከእንግዲህ የሚታይ ይሆናል። ከግሽበት በታች በሆነ ወለድ ላይ የሚጣለው ግብር እንዲቀር የሚወስነው ገንዘብ ሚኒስቴር ስለሆነ፣ ባንኩ በዚህ ረገድ ምክሩን ቢያቀርብ ይበቃል።

ሦስተኛው የግምጃ ቤት ሰነድ ነው፤ ይህ መንግሥት ለ28፣ ለ91፣ ለ182 ወይም ለ364 ቀናት የሚበደርበት አጭር ሰነድ ሲሆን፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወለዱ በጨረታ ይወሰናል፤ ከተመን ለውጡ በኋላም ከተራው ቁጠባ ወለድ ከእጥፍ በላይ ሲከፍል ታይቷል። ሰነዱን የሚገዙት ግን በዋናነት ባንኮችና የጡረታ ተቋማት ናቸው። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ለዚህ በር ይከፍታል፤ አንዲት መምህርት በስልኳ ጥቂት ሺህ ብር ለ91 ቀናት ሰነድ ላይ ማዋል ብትችል፣ ባንኮች ቆጣቢያቸውን ላለማጣት ሲሉ ወለዳቸውን ያለ ትእዛዝ ያሳድጋሉ።

ከግሽበት ጋር የተቆራኘ ቦንድ፣ ማለትም ዋናው ገንዘብ በዋጋ መለኪያው ልክ የሚያድግ ሰነድ፣ ብዙ ጊዜ በመድኃኒትነት ይጠቀሳል። እስራኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት ቁጠባን በዚህ መንገድ ስትጠብቅ የቆየች አገር ናት፤ ነገር ግን ደመወዙም፣ ኪራዩም፣ ውሉም ሁሉ ከዋጋ ጋር ሲቆራኝ ግሽበቱ ራሱን እየመገበ በ1984 እ.ኤ.አ. ከ400 በመቶ በላይ ደርሶ፣ በቀጣዩ ዓመት በወጣው የማረጋጊያ ዕቅድ ነው የተገታው። ስለዚህ ለጡረተኞችና ለረጅም ጊዜ ቆጣቢዎች ብቻ፣ በተወሰነ መጠን መሞከሩ ይበጃል እንጂ በአገር ደረጃ መስፋፋቱ አይመከርም።

የመጨረሻው ጥያቄ የሚመለከተው በውጭ አገር የሚሠሩትን ነው። በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተፈቅዷል፤ የሐምሌ 2016ቱ መመሪያ ደግሞ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ነዋሪዎችም ሒሳቡን እንዲከፍቱ ፈቅዷል። የሳዑዲዋ ሠራተኛ ወይም እናቷ ይህን መብት ዛሬ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ነገር ግን መብቱ በዋናነት የሚታወቀው በአዲስ አበባ ቅርንጫፎች ነው። የላኪዋ ቤተሰብ በሚኖርበት በወሎ ወይም በጅማ ገጠር ወዳለው ቅርንጫፍ የሐዋላ ገንዘብ ሲደርስ፣ የቅርንጫፉ ሠራተኛ ገንዘቡን ወደ ብር ከመቀየሩ በፊት ተቀባዩን በብር ይያዝ ወይስ በመጣበት ገንዘብ ብሎ እንዲጠይቅ የሚያዝ አንድ አንቀጽ በመመሪያው ላይ ቢጨመር፣ በኤምባሲዎች በኩልም በዓረብኛና በአማርኛ ቢነገር፣ 1,000 ሪያሉ 352 የሚሆንበት መንገድ ይጠባል።

ለቆጣቢው ዜጋ የሚባለው ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። ለሚቀጥሉት ጥቂት ወራት ወጪ የሚያስፈልግ ገንዘብ በተራ ቁጠባ ቢቀመጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ለዓመታት የሚቀመጠው ግን በደብተሩ ላይ ባለው ድምር ሳይሆን ሊገዛ በታሰበው ነገር ዋጋ በየዓመቱ መለካት አለበት። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ግሽበቱ በ14 በመቶ አካባቢ በነበረበት ጊዜ 6.65 በመቶ የሚያስገኝ ሒሳብ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ አቅሙን ያጣ ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ነው፤ ሆኖም በዚህ አካሄድ እንኳ ቁጠባው ግማሽ አቅሙን ለማጣት 11 ዓመት አይፈጅበትም።

ከአክብሮት ጋር